ልጅ ከሪያድ ይልካል፣ አባት ደባርቅ ይከራያል፤ በመሃል የሚጠፋው ምንድን ነው?

ከመካነ ብርሃን ደባርቅ ለመድረስ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በቧሂት በኩል ማቋረጥ ይጠይቃል። ለጎልማሳ ሰው ያደክማል፣ በየወሩ ሐኪም ቤት መመላለስ ላለበት ሽማግሌ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። በዚህ ላይ በ2013 እና 2014 ጦርነቱ ነበር፣ በ2016 ድርቁ ጃናሞራን ክፉኛ መታው፣ በክልሉ ያለው ግጭት ደግሞ መንገዱን አንዴ ይከፍተዋል አንዴ ይዘጋዋል። ስለዚህ ውጭ ያሉ ልጆች አንድ ነገር ማሰብ ጀምረዋል፦ «አባዬና እማዬን ደባርቅ ወይም ዳባት ቤት ልከራይላቸው፣ ኪራዩን እኔ እልካለሁ።»

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው አፈጻጸሙ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ለአከራዩ በቴሌግራም ወይም በኢሞ ሁለት መስመር ይጽፋል፣ የባንክ ቁጥር ይቀበላል፣ ይልካል፣ በቃ። ከስድስት ወር በኋላ «ኪራይ አልደረሰኝም» የሚል መልእክት ሲመጣ ግን የላከው ሰው ሪያድ ነው፣ የተቀበለው ሰው ደባርቅ ነው፣ ቤት ልቀቁ የሚባሉት ደግሞ ስለ ክፍያው ምንም የማያውቁት ወላጆች ናቸው።

ዛሬ ይሄን ነገር ዘርዘር አድርገን እናየዋለን። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ውሉ ላይ የፈረመው ስም፣ ኪራዩ የሚወጣበት የባንክ ሂሳብና የደረሰኙ ስም አንድ መሆን አለባቸው። ለአከራዩ የሚጻፈው ደብዳቤ ዋና ሥራውም ይሄንን ማሳካት ነው።

▪️ አከራዩ ምን ይፈራል?

ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት በአከራዩ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ከማያውቁት ሰው ከውጭ መልእክት ይመጣል። ቤቱ ውስጥ የሚገቡት ሁለት አረጋውያን ናቸው። ገንዘቡ ለሦስት ወር ይመጣና አራተኛው ላይ ቢቀርስ? ልጁ ሥራ ቢያጣ፣ ተይዞ ቢመለስ፣ ስልኩን ቢዘጋስ? አከራዩ ሽማግሌና አሮጊት እቃቸውን አውጥቶ ደጅ ሊያስቀምጥ ነው? በደባርቅ ያን ያህል ትንሽ ከተማ ውስጥ ይሄን ያደረገ ሰው ለቅሶ ቤት እንኳን ቀና ብሎ አይቀመጥም።

ብዙ አከራዮች «የስድስት ወር» ወይም «የዓመት ቅድሚያ አምጡ» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሁሌ ስግብግብነት አይደለም፣ ነገ ማንን እንደሚጠይቁ ስለማያውቁ ነው። ስለዚህ ጥሩ ደብዳቤ ማለት «እባክዎ ይቀንሱልኝ» የሚል ሳይሆን «ገንዘቡ ቢዘገይ የሚጠይቁት ሰው እነሆ» የሚል ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ያዛል። ውሉ የጽሑፍ መሆንና መመዝገብም አለበት። አዋጁ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይሠራል፣ በክልሎች ደግሞ ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች። ስለዚህ የምትከራዩበት ከተማ ውስጥ ተግባራዊ መሆኑን ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ። ተግባራዊ ባይሆንም እንኳ ሁለቱ ወገኖች እነዚህኑ ነጥቦች ውላቸው ላይ ቢጽፉ የሚከለክላቸው የለም። ለምሳሌ «የሁለት ወር ቅድሚያ» ብላችሁ ስትጠይቁ ከአየር ላይ ያመጣችሁት ሐሳብ አይደለም።

▪️ ማን ይፈርም?

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ከፋዩ እኔ ስለሆንኩ ተከራዩም እኔ ነኝ» ይላል። ይሄ ከሆነ ግን ውጭ ያለው ልጅ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዶ ለወንድሙ ወይም ለዘመዱ ውክልና መስጠት፣ ውክልናውም አገር ቤት ሄዶ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት መረጋገጥ አለበት። ወጪና ጊዜ ነው። መኖሪያ ፈቃድ ለሌለው ልጅ ደግሞ ከዚህም ይከብዳል።

ቀላሉ መንገድ ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው እንዲፈርም ማድረግ ነው፣ ማለትም አባት ወይም እናት። ልጁ በውሉ ውስጥ «ኪራዩን ለተከራዩ የሚሸፍን» ተብሎ ስሙና ስልኩ ይጠቀሳል። ጥቅሙ ምንድን ነው? አከራዩ ነገ «እናንተን አላውቃችሁም፣ የተዋዋልኩት ከልጃችሁ ጋር ነው» ሊላቸው አይችልም። ወላጆቹ በራሳቸው ስም ተከራይ ናቸው።

ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በጽሑፍ የሚደረግ ውል በተዋዋዮቹና በሁለት ምስክሮች መፈረም አለበት። መጻፍ የማይችል ሰው በጣት አሻራ ሊፈርም ይችላል፣ ሆኖም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፊርማ ወይም አሻራ የሚያስገድደው ውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ሲያረጋግጠው ነው። ከጃናሞራ ገጠር የመጡ ብዙ አባቶች ፊደል አልቆጠሩም። አከራዩ ቤት ተቀምጦ፣ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ፣ ወረቀት ላይ የተደረገ አሻራ ነገ ፍርድ ቤት ሲደርስ ክርክር ያስነሳል። ስለዚህ አባታችሁ የማያነቡ ከሆነ ውሉ ሰነድ በሚያረጋግጠው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ይፈጸም። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ዋሱስ? አከራዩን የሚያረጋጋው እሱ ነው። ደባርቅ ወይም ዳባት ያለ አንድ ዘመድ፣ ደመወዝ ወይም ሱቅ ያለው፣ ዋስ ይሁን። ግን ዋሱ «ለሁሉም እጠየቃለሁ» ብሎ እንዳይፈርም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ዋስትናው እስከ ስንት ብር እንደሆነ ካልተጻፈ ዋስትናውን ዋጋ አይሰጠውም። «እስከ 8,000 ብር» ተብሎ ይጻፍ። ዋሱም ልኩን ያውቃል፣ አከራዩም የሚጸና ዋስትና ያገኛል።

▪️ ገንዘቡ በየት ይሂድ?

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከውጭ በቀጥታ ወደ አከራዩ ሂሳብ መላክ ነው። ሁለተኛው ከውጭ ወደ አባት (ወይም እናት) ሂሳብ ልኮ ከዚያ ወደ አከራዩ ማስተላለፍ። የመጀመሪያው ፈጣን ይመስላል፣ እኛ ግን ሁለተኛውን እንመርጣለን።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። ኪራዩ 4,000 ብር ነው እንበል (ለምሳሌ ያህል ነው፣ የደባርቅ ዋጋ ነው እያልን አይደለም)። ልጅቷ ሪያድ ናት። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ በሪያል ስናሰላው 1 ሪያል 15 ብር አካባቢ። 4,000 ብር ለመሙላት 267 ሪያል ያስፈልግ ነበር። ዶላሩ 130 ብር ሲደርስ ደግሞ ሪያሉ 35 ብር ገደማ ሆነ፣ ለዚያው ኪራይ 114 ሪያል በቃ። በየወሩ ደግሞ ተመኑ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ በቀጥታ ስትልኩ አከራዩ አንዴ 3,940፣ አንዴ 4,075 ብር ይደርሰዋል። የጎደለው 60 ብር ጠብ ይሆናል፣ የተረፈው 75 ብር ደግሞ «ለቡና ነው» ይባልና ይረሳል። በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡን ማንም አያውቀውም።

ገንዘቡ መጀመሪያ አባት ሂሳብ ከገባ ግን የምንዛሪው መዋዠቅ እዚያው ይቀራል። ከአባት ሂሳብ ወደ አከራዩ የሚወጣው ሁልጊዜ ልክ 4,000 ብር ነው፣ ምክንያቱ ላይ «የጥቅምት ወር ቤት ኪራይ» ተብሎ ይጻፋል። ደረሰኙ ላይ የሚወጣው የላኪ ስም ውሉ ላይ የፈረመው ሰው ስም ነው። ክርክር ቢመጣ ባንኩ የሚያወጣው የሂሳብ መግለጫ ብቻውን ይናገራል። አባታችሁ በየወሩ ወረፋ እንዳይዙ ደግሞ ባንኩን በየወሩ በተወሰነ ቀን እንዲያስተላልፍ ቋሚ የክፍያ ትእዛዝ እንዲቀበል ጠይቁ። አዲስ ሂሳብ ለመክፈት ፋይዳ መታወቂያ እየተጠየቀ ስለሆነ አስቀድመው ያውጡ።

በሐዋላ፣ ማለትም በጥቁር ገበያ፣ የሚላከውስ? ሕገወጥ መሆኑ እንዳለ ሆኖ እዚህ ጉዳይ ላይ ሌላ ጣጣ አለው። ሪያድ ላይ ለአንዱ ትሰጣላችሁ፣ አከራዩ ሂሳብ ላይ የሚገባው ግን ከማያውቀው ነጋዴ ስም ነው። «ይሄ የእኛ ኪራይ ነው» ብላችሁ የምታሳዩት ወረቀት የለም። ባንኩ ሂሳቡን ተጠራጥሮ ቢያግደው ደግሞ ችግሩ የአከራዩ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ወላጆቻችሁን በመልካም ዓይን የሚያይ አይመስለንም።

▪️ የትኛው «5»?

ትንሽ የምትመስል፣ ግን ብዙ ጠብ ያስነሳች ነገር አለች። አከራዩ «ወር በገባ በ5 ይላክልኝ» ይላል። እናንተ ዲሴምበር 5 ትላላችሁ፣ እሱ ታኅሣሥ 5 ይላል፣ ይሄውም ዲሴምበር 14 ነው። ዘጠኝ ቀን ልዩነት። አንዳንዴ ለእናንተ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ውጭ ደመወዝ የሚገባው በፈረንጅ ወር መጨረሻ ነው፣ የኛ ወር የሚገባው ደግሞ ከዚያ 10 ቀን ገደማ ቆይቶ ነው። ደመወዝ ተቀብላችሁ ለመላክ በቂ ጊዜ አለ። ግን ደብዳቤው ላይ የወሩን ስም በአማርኛ ጻፉት፣ «ከወሩ 1 እስከ 5፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር»። ጳጉሜን ላይ ኪራይ አለ ወይስ የለም የሚለውንም አንዴ ተነጋገሩና ጨርሱት።

ሌላው የኔትወርክ ጉዳይ ነው። በ2015 መጨረሻ ግጭቱ ሲጀምር በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ባንክ የሚዘጋበት፣ ባንክ ተከፍቶም ጥሬ ገንዘብ የማይኖርበት ቀን አለ። አፕሊኬሽኑ ባይሠራ እንኳ የስልክ ኔትወርክ ካለ በንግድ ባንክ `*889#`፣ በቴሌብር `*127#` መላክ ይቻላል። እሱም ከጠፋ መፍትሔው አንድ ነው፦ የአንድ ወር ኪራይ ሁልጊዜ አባት ሂሳብ ላይ ሳይነካ ይቀመጥ። ውሉ ላይ ደግሞ «ባንክ ወይም ኔትወርክ በተቋረጠ ጊዜ ክፍያው አገልግሎቱ በተመለሰ በ10 ቀን ውስጥ ቢፈጸም እንደዘገየ አይቆጠርም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባ።

በምሳሌያችን መነሻው ይሄን ይመስላል፦ የጥቅምትና የኅዳር ቅድሚያ 8,000 ብር፣ መጠባበቂያ 4,000 ብር፣ በድምሩ 12,000 ብር። በ35 ብር ሲሰላ 343 ሪያል ገደማ። የዓመት ቅድሚያ ብትከፍሉ ግን 48,000 ብር፣ ወደ 1,371 ሪያል ያስወጣችኋል። ቤቱ ክረምት ላይ የሚያፈስ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ እሱን ማስመለስ ሌላ ጣጣ ነው።

▪️ ደብዳቤው

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ለአከራይዋ እንዴት እንጻፈው? ለምሳሌ ያህል አዘጋጅተናል። በየነጠብጣቡ የራሳችሁን ሙሉበት።

«ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ……፣
ከሁሉ በፊት እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የ…… ልጅ ነኝ፣ ቤትዎን ያየልኝ የአክስቴ ልጅ …… ነው። ቤቱ የሚፈለገው ለአባቴና ለእናቴ ነው። እናቴ ሐኪም ቤት ስለምትመላለስ ከመካነ ብርሃን ወደ ደባርቅ ልናመጣቸው ነው። የሚኖሩት ሁለቱ ናቸው፣ ግን ለገበያና ለሕክምና የሚመጣ ዘመድ አልፎ አልፎ ሊያድርባቸው ስለሚችል ከአሁኑ እንዲያውቁልኝ ነው።
ኪራዩ በወር 4,000 ብር፣ ውሉ ለሁለት ዓመት እንዲሆን እለምናለሁ። ሲገቡ የሁለት ወር እከፍላለሁ። ከዚያ በኋላ በየወሩ ከ1 እስከ 5 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከአባቴ ሂሳብ ወደ እርስዎ ሂሳብ ይገባል። ውሉን የሚፈርመው አባቴ ነው። ገንዘቡን የምሸፍነው እኔ ነኝ። የአክስቴ ልጅ እስከ 8,000 ብር ዋስ ይሆናል፣ ክፍያ ቢዘገይ ወላጆቼን ሳያስጨንቁ መጀመሪያ ለእሱ፣ ቀጥሎ ለእኔ ይደውሉ።
መብራትና ውኃው በጋራ ቆጣሪ ከሆነ ድርሻቸው ስንት እንደሆነ፣ እንጀራ የሚጋግሩበት ቦታና ምጣድ መጠቀም የሚችሉ መሆኑን፣ ጣሪያ ቢያፈስ የሚያስጠግኑት እርስዎ መሆንዎን ቢገልጹልኝ ደስ ይለኛል። የሂሳብ ቁጥርዎንና ባንኩ ላይ ያለውን ሙሉ ስምዎን ለአክስቴ ልጅ በአካል ይስጡልኝ።
እናትና አባቴን አደራ።
ልጅዎ ……»

የመጨረሻዋን አንቀጽ ልብ በሉ። የሂሳብ ቁጥሩን በቴሌግራም አልጠየቅንም። በአካል ይሰጥ ያልነው በምክንያት ነው።

▪️ ሲበላሽ በምን ይታወቃል?

አንደኛ፣ ባለቤቱ ባለቤት ላይሆን ይችላል። ቤቱን የሚያሳየው ደላላ ወይም ራሱ ተከራይ የሆነ ሰው ሊሆን ይችላል። ዘመዳችሁ የቤቱን ካርታ ይይ፣ ካርታው ላይ ያለው ስም፣ የመታወቂያው ስምና የባንክ ሂሳቡ ስም ይመሳሰሉ። ቤቱ የባል ከሆነና የምታከራየው ሚስት ከሆነች ውሉ ላይ ሁለቱም ይፈርሙ። ስትልኩ ደግሞ አፕሊኬሽኑ የተቀባዩን ስም ያሳያችኋል፣ ስሙን ሳታነቡ «ላክ» አትበሉ።

ሁለተኛ፣ «ሂሳቤ ተቀይሯል፣ በዚህ ላኩልኝ» የሚል መልእክት። የአከራይዋ ቴሌግራም ተጠልፎ ሊሆን ይችላል። ሕጋችሁ አንድ ይሁን፦ የሂሳብ ለውጥ የሚደረገው ዘመዳችሁ ቤታቸው ሄዶ ከአፋቸው ሲሰማ ብቻ ነው። አከራይዋም እንዲሁ የደረሰኝ ስክሪን ሹት አይተው አይመኑ፣ የተጭበረበረ ደረሰኝ በየቦታው አለ። የሚያምኑት ከባንካቸው የመጣላቸውን የራሳቸውን መልእክት ነው።

ሦስተኛ፣ «ውሉ ላይ 2,000 እንጻፍ፣ የቀረውን በእጅ ስጡኝ» ማለት። የኪራይ ገቢ ግብር ስላለ አንዳንድ አከራዮች ይሄን ይጠይቃሉ። ተቀበላችሁ እንበል። ከዚያ በኋላ በየወሩ 2,000 ብር ያለ ደረሰኝ ይሄዳል። ጠብ ሲመጣ «ሦስት ወር ሙሉ በእጅ አልሰጡኝም» ቢሉ ምን ታሳያላችሁ? ከዚህ ይልቅ ኪራዩ ላይ ትንሽ ተደራድራችሁ ሙሉውን በባንክ መክፈል ይሻላል። እንቢ ካሉ ሌላ ቤት ፈልጉ።

አራተኛ፣ «ዶላር ጨምሯል፣ እናንተም ጨምሩ» የሚለው ነው። ከላይ እንዳየነው በሪያል ስታስቡት ኪራዩ በእርግጥ ረክሷል፣ አከራይዋ ግን ገበያ የሚወጡት በብር ነው፣ የጤፍና የዘይት ዋጋም ጨምሮባቸዋል። ሁለቱም እውነት ነው። በዶላር ወይም በሪያል አትዋዋሉ፣ አገር ውስጥ ያለ ኪራይ በብር ነው። ይልቁንም ጭማሪው በዓመት አንዴ ብቻ እንዲሆን፣ ከሁለት ወር በፊትም በጽሑፍ እንዲነገር ውሉ ላይ አስቀምጡ። አዋጁ በሚሠራበት ከተማ ደግሞ ጭማሪው መንግሥት በየዓመቱ ከሚያወጣው ጣሪያ ሊያልፍ አይችልም።

እነዚህ አራቱም ላይ የሚያድናችሁ ያ የመጀመሪያው ነገር ነው። አባት ፈርመዋል፣ ከአባት ሂሳብ ልክ 4,000 ብር ወጥቷል፣ ደረሰኙ የአባት ስም አለው። ልጅቷ ሪያድ ላይ ስልኳ ቢጠፋ፣ የአክስቷ ልጅ ወደ ጎንደር ቢሄድ፣ እኚያ ሽማግሌ የባንክ ደብተራቸውንና ውላቸውን ይዘው ቀበሌ መቅረብ ይችላሉ። ውሉን ሁለት ኮፒ አድርጉት፣ አንዱ እናታችሁ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ።

የላካችሁት ደብዳቤና ያገኛችሁት መልስ እንዴት ነበር? አከራይ የሆናችሁም አላችሁና የእናንተን ወገን ጻፉልን።